አረንጓዴው ቁስለኛ

የእኛ ሆስፒታል ለአደጋ የሚዘጋጀው እንግዳ ሲመጣ ነው። አውቶቡስ ቢገለበጥ፣ ግንብ ቢደረመስ ያው እንደ ዕለቱ ዕድል ነው፤ ሐኪም ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘ «ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላክ» ይባላል። ከበላይ መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል ከተባለ ግን ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ የጠፋው የቧንቧ ውሃ ይመጣል፣ ዓመት ሙሉ ጎማው ተሰብሮ ጥግ የቆመው የበሽተኛ መግፊያ አልጋ ሳይቀር ነጭ አንሶላ ይለብሳል። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ኃላፊ ነኝ። እዚህ ቤት ካረጁት ዕቃዎች አንዷ ነኝ ማለትም ይቻላል።

ስለዚህ «ብዙ ተጎጂ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የምትሠሩበትን ዕቅድ አዘጋጁ፣ መጥተን ልምምዱን እናያለን» የሚል ትእዛዝ ሲወርድ፣ ሥራው ከእጅ እጅ ሲንከባለል መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። አልከፋኝም። እንዲያውም፣ አትሳቁብኝና፣ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ቁስለኛ ሲጎርፍ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል እንጂ አይሠራም፤ አምስት ሰው አንድ የሚጮህ በሽተኛ ላይ ይረባረባል፣ ዝም ያለው ጥግ ላይ ይሞታል። ይህን ለማስቀረት ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ አንድ ካርድ ይዘጋጃል። የት እንደምትቆም፣ ማንን እንደምትሰማ፣ መጀመሪያ ምን እንደምትሠራ በአጭሩ ተጽፎበታል። አዛዡ ከትእዛዝ ቦታው አይነቃነቅም። ለያዩ በር ላይ ቆሞ ቁስለኛውን በየተራ እያየ አንገቱ ላይ ባለቀለም መለያ ያንጠለጥልለታል፤ ቀይ አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት፣ ቢጫ ጥቂት መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ በእግሩ የሚሄድ፣ ጥቁር ያለቀለት። ለያዩ ራሱ አያክምም። ተሸካሚው ለያዩ ወዳዘዘው ቦታ ያደርሳል፤ አይሮጥም። ከሁሉም በላይ ካርዱ የቦታው ነው እንጂ የሰው አይደለም። ቀድሞ የደረሰ ያነሳዋል፣ የበላዩ ሲመጣ ሁኔታውን ነግሮት ያስረክባል።

ዳይሬክተሩ ዕቅዱን አንብቦ ጠራኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሰላምታው፣ ሱፉ፣ ከረቫቱ፣ ሁሉም ጥሩ ነው።

«ሲስተር፣ ግሩም ሥራ ነው የሠራሽው» አለኝ። «ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው ያስተካከልኩት።»

ትንሽ ትንሹን አየሁት። በየካርዱ ላይ የሰው ፎቶ ተለጥፎበታል። ቀድሞ የደረሰ ያነሳዋል የሚለው ተሰርዞ፣ ካርዱ በማዕረግ ተደልድሏል። ያለን አንድ ቀዶ ሐኪም ለያይ ሆኗል።

«ዶክተር፣ ቀዶ ሐኪሙ በር ላይ ከቆመ ማን ኦፕራሲዮን ያደርጋል?»

«ልምምድ እኮ ነው ሲስተር። ማንን ነው ኦፕራሲዮን የምናደርገው? በሩ ደግሞ ካሜራው የሚቆምበት ነው። እዚያ ጠቅላላ ሐኪም አቁመን ምን ልንባል?»

«ይሄኛውስ ለምን ተሰረዘ?» ጣቴን የጫንኩት የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። በልምምዱ መሀል የእውነት ችግር ከተፈጠረ ማንም ሰው «ይህ ልምምድ አይደለም» ብሎ ሦስት ጊዜ ከጮኸ ሁሉም ያለበት ይቆማል የሚል ነበር። በየትም አገር ልምምድ ሲደረግ እንዲህ ያለ ቃል አለ።

«እንግዶቹን ያደናግራል» አለ። «ድባቡን ይገድለዋል።»

ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ውጤቱ ምን ሆነ ብትሉ፣ ከቀይ ቦታ ወደ አረንጓዴ ቦታ ተዛወርኩ፤ የተመላላሽ በረንዳ ላይ፣ ምንም ያልሆኑ ሰዎችን የምጠብቅ። ካርዴ ላይ ያለው ፎቶ እንኳን የተኮሳተረ ነው።

ለልምምዱ ቁስለኛ የሚሆኑ ሰዎች ሲፈለጉ ወንድሜን አመጣሁት። ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የከተማው ሰው በሙሉ ምላጭ ነው የሚለው፣ በሥራውም በምላሱም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሆዱን ይዞ ሳይስቅ አይነሳም። ሲዋሽ ዓይኑ እንኳን አይርገበገብም። አንዴ ሞቷል አስብሎ ለቅሶ አስጠርቶ ራሱ በር ላይ ቆሞ የመጡትን ተቀብሏቸዋል። እናታችን ያን ቀን በጫማ ነበር ያባረረችው። አባታችን ሲሞት ገና አፉን አልፈታም ነበር፤ እየሠራሁ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ትዳር አልያዝኩም፣ አልወለድኩም፤ ያለኝ እሱ ነው፣ እናቴና እሱ።

«እትዬ፣ እኔን ጥቁሩን ስጪኝ» አለኝ። «እንደኔ ጥሩ ሬሳ አታገኚም።»

«አንተን ሬሳ አላደርግህም። አረንጓዴ ነህ። ቀኝ እጅህ ወለም ብሎሃል፣ በቃ። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።»

«ለእጅ ወለምታ ሱቄን ዘጋሁ? ትንሽ ልብ ድካም እንኳን?»

«አንዲት ነገር ብትጨምር እኔ ነኝ የምገድልህ።»

እንዲህ ተባብለን ነው የተለያየነው።

ልምምዱ ጠዋት ተጀመረ። ግቢው ውስጥ ለእንግዶቹ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበሮቹ ላይ ጨርቅ ተነጥፏል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የአዛዡ ጠረጴዛ ድንኳኑ አጠገብ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን የአዛዡን ብርቱካናማ ሰደርያ ከካርዱ ጋር ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ፣ እንግዶቹ ፊት ማይክ ይዞ ቆሟል። ሰደርያው ከሱፉ ጋር አልሄደም መሰለኝ። ቀዶ ሐኪሙ በር ላይ ካሜራው ፊት ቆሟል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣችው ገምጋሚ ሰሌዳዋን አቅፋ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ነጥብ ትሰጣለች። ድንገተኛ ፈተና በመሀል ልትጨምር እንደምትችል ለሁሉም ተነግሯል።

ቁስለኞቹ ቀይ ቀለም ተቀብተው በፒክአፕ ደረሱ። አረንጓዴዎቹ በእግራቸው ወደኔ መምጣት ነበረባቸው፤ አረንጓዴ ማለት በእግሩ የሚሄድ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ግን በማይኩ «ሁሉም በአልጋ! ሁሉም በአልጋ ይሂዱ!» አለ። በእግሩ የሚሄድ ቁስለኛ ለዓይን አይሞላም። ተሸካሚዎቹንም «ፈጠን! ፈጠን በሉ እንጂ!» ይላቸዋል። ካርዳቸው አትሩጡ ይላል፣ ደመወዛቸውን የሚፈርመው ሰው ሩጡ ይላል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትሰማላችሁ?

ለወንድሜ የደረሰችው ያቺ ጎማዋ የተሰበረ አልጋ ነበረች። የሚገፋት ጥይት የምንለው ተሸካሚ ነው፤ ጥይት ያልነው በቀርፋፋነቱ ነው። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ሊያስጠራ ቆርጦ ተነሳ። የመወጣጫው ዳገት ላይ ጎማዋ ታጠፈች፣ አልጋዋ ተገለበጠች፣ ወንድሜ በግራ ጎኑ የመወጣጫውን የሲሚንቶ ጠርዝ መታ። ድምፁን በረንዳው ላይ ሆኜ ሰማሁት።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ወንድሜ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ለእንግዶቹ እጅ ነስቶ በእግሩ ወደኔ መጣ። «አየሽ እትዬ፣ በእጅ ወለምታ ብቻ የሚጨበጨብለት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጎኑን ዳበስኩት፤ የጎድን አጥንቱን ስነካው «እህ» አለ። ሳቅኩበት። የሌሎቹን እጅ መጠቅለል ቀጠልኩ።

የአረንጓዴ ቦታ ነርስ ካርድ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ዞራ ዞራ ሁሉንም ደግማ ታያለች፤ አረንጓዴ ሆኖ የመጣ ቀይ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ዞርኩ። ወንድሜ ጋ ስደርስ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«እትዬ፣ ውሃ ስጪኝ።»

«ተነስተህ ጠጣ።»

«ሆዴን እያመመኝ ነው።»

«ድርሻህ እጅ ነው ብዬሃለሁ» አልኩት። አጠገቡ ያሉት ቁስለኞች ሳቁ። «ምላጭ ጀመረው!» አለ አንዱ። ከኋላዬ ገምጋሚዋ ቆማ «ጎበዝ ነው ልጁ» ብላ ሰሌዳዋ ላይ ጻፈች።

እጁን ያዝኩት፣ ልጎትተው። እጁ በረዶ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ቀለም መቀባት ይቻላል፣ ማቃሰት ይቻላል፤ ላብን ግን ማንም ተዋናይ አያመጣውም። የልብ ምቱን ቆጠርኩ፤ ይጋልባል። ደም ግፊቱን ለካሁ፤ ገና አልወደቀም። የወጣት ሰውነት እንዲህ ነው፣ እየደማ እስከ መጨረሻው ይሸፍንልሃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይከዳሃል። ደግፌ አስተኛሁት። ሲጋደም ፊቱን አጨፈገገና ቀኝ እጁን ወደ ግራ ትከሻው ሰደደ።

«ትከሻዬን እትዬ። ሆዴ ነበር፣ አሁን ደግሞ ትከሻዬን ይወጋኛል። ትከሻዬ እኮ አልተመታም።»

ጣፊያ ተቀዶ ሆድ ውስጥ ሲደማ፣ ደሙ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራሙን፣ ይነካና ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን ነርስ ያውቃል፣ ሐኪም ያውቃል። ፀጉር አስተካካይ ግን ሊዋሽ ቢፈልግ ሆዱን ይይዛል፣ ደረቱን ይይዛል፣ ዓይኑን ይገለብጣል፤ ትከሻውን አይይዝም። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፣ ማንም አላመነውም፤ እኔም አላመንኩትም ነበር።

ሁለት ወፍራም መርፌ በሁለት ክንዱ ከትቼ ግሉኮስ ያልሆነውን፣ ጨው ያለበትን ፈሳሽ ሰቀልኩለት። አጠገቡ ላለችው ነርስ «ምንም እንዳይጠጣ፣ ከአጠገቡ እንዳትነሺ» ብዬ ወደ ቀይ ቦታ ሮጥኩ። እዚያ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ቀለም የተቀባ ጤነኛ ሰው እግር ላይ በጥንቃቄ ፋሻ ይጠቀልላል።

«ዶክተር፣ አንድ ቀይ አለኝ። ጣፊያ ይመስለኛል።»

«መለያው ምንድነው?»

«አረንጓዴ ነበር።»

«እንግዲያ ለያዩ ይቀይሩታ ሲስተር» አለኝ፣ ቀና ብሎ ገምጋሚዋን በዓይኑ እየፈለገ። «ያለ ለያዩ ፈቃድ ከተቀበልኩ ነጥብ ይቀንሱብኛል።»

ወደ ለያዩ ሮጥኩ። ቀዶ ሐኪሙ ካሜራው ፊት «ዋናው ነገር መረጋጋት ነው» እያለ ነበር። እጁን ያዝኩት።

«ዶክተር፣ ወንድሜ የእውነት ሆዱ ውስጥ እየደማ ነው። ልምምድ አይደለም።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ድንገተኛ ፈተና፣ እ? አንቺን ነው የላኩሽ? ጥሩ መርጠዋል።»

«ይህ ልምምድ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ይህ ልምምድ አይደለም! ይህ ልምምድ አይደለም!»

ቁስለኞቹ ከየአልጋቸው ቀና አሉ። ከዚያ ገምጋሚዋ «በጣም ጥሩ! ስሜቱ በጣም ጥሩ ነው!» አለች። ካሜራው ወደኔ ዞረ። ልመታት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እጄን አንስቼ ነበር። ግን ወንድሜ በረንዳው ላይ ነው፣ ገምጋሚ መምታት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

ያኔ ነው ሰደርያውን ያየሁት። ብርቱካናማው የአዛዥ ሰደርያ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ካርዱ ኪሱ ላይ ነው፣ ሜጋፎኑ ጠረጴዛው ላይ። ባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ሆስፒታላችን ራእይ ይናገራል። በዚህ ግቢ ዛሬ ሰው የሚሰማው ሰውን አይደለም፣ ካርድን ነው። ሄጄ ለበስኩት።

«አዛዡ ነኝ» አልኩ በሜጋፎኑ፤ ድምፄ ለራሴም አስፈራኝ። «ለያይ፣ ቦታህን ለቀይ ቦታው ሐኪም አስረክብና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ግባ። ሰመመን ሰጪ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል። ላቦራቶሪ፣ ያለውን ደም አውጣ፣ ደም የሚሰጡ ሰዎች አዘጋጅ። ተሸካሚዎች፣ አረንጓዴ ቦታ። ደህና ጎማ ያለው አልጋ ይዛችሁ!»

ዶክተሩን አንተ ማለቴን ያስተዋልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ማንም ቅር አላለውም።

ጉድ እኮ ነው። ሮጡ! ቀዶ ሐኪሙ «ሦስት ቀይ፣ አራት ቢጫ አሉ፣ አስረክቤያለሁ» ብሎ እንደ ተማሪ ሮጠ። ጥይት አልጋ ይዞ ሲመጣ ደረቴ ላይ ያለውን የዳይሬክተሩን ፎቶ፣ ከነጢሙ፣ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ «እሺ አዛዥ!» አለ። ሌላ ቀን ሰመመን ሰጪውን ለመጥራት ሦስት ቦታ ስልክ ተደውሎ፣ ሚስቱ ተለምና፣ ለመኪና ነዳጅ ተፈልጎ ነው፤ ዛሬ ጓንቱን እያጠለቀ ጠበቀኝ። ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ ግርግሩን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ግን ማይኩ እጁ ላይ ነው፣ እንግዶቹ ፊቱ ናቸው። «እንደምታዩት» አለ፣ «ሠራተኞቻችን የአመራር ርክክብን ጭምር በሚገባ ሠልጥነዋል።»

ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ቀዶ ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ጫፍ ወንድሜ ግራ ጎን ላይ አሳረፈ፣ ለወጉ ያህል፣ ከንፈሩ ላይ ያ ፈገግታ ገና ሳይጠፋ። ስክሪኑ ላይ ጣፊያውን የከበበ ጥቁር ነገር ታየ፤ ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ፈገግታው ጠፋ።

«ይሄ የእውነት ነው» አለ።

«ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት» አልኩት።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሠራውን ሥራ ግን መመስከር አለብኝ፤ እጁን ሲታጠብ ሌላ ሰው ነበር። ሆዱን ሲከፍተው ደሙ ገነፈለ። ጣፊያው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሥሮቹን ቋጥሮ አወጣው። ደም ባንካችን ውስጥ የነበረው ከረጢት ወዲያው አለቀ። ወሬው ወደ ውጭ ሲወጣ ቁስለኞቹ ከየአልጋቸው ተነስተው ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰለፉ፤ ደማቸው ተመርምሮ የሚስማማ የተገኘው መጀመሪያ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንገቱ ላይ ጥቁር መለያ ያንጠለጠለው ሬሳ። የወንድሜ ደንበኛ ነው፤ ክንዱን እየጠቀለለ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፣ ከነሰደርያዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሜ በሕይወት ነበር። እናቴ መጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች፤ «ዛሬም እየቀለደ ነው ብዬ እኮ ዘግይቼ መጣሁ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። ከመቶ ዘጠና ምናምን አግኝተናል አሉ። በተለይ «የጣፊያ ጉዳት ትዕይንቱ» እጅግ ለእውነት የቀረበ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሞቹ በሙሉ ተጠሩ፤ ብስኩት አለ፣ የምስክር ወረቀት አለ። እኔ ግን «አንቺ ሰደርያ ያለ ርክክብ ወስደሻል፣ ስላንቺ ለብቻ እንነጋገራለን» ተብዬ ቀርቻለሁ። ቀረሁ፣ ወንድሜ ዘንድ።

ሁሉም ወደነበረበት ተመልሷል። ትናንት ለእንግዶቹ ተብሎ ከየዋርዱ የተሰበሰበው የኦክስጅን ማሽን መጋዘን ገብቷል። የቧንቧው ውሃ ሄዷል። ወንድሜ ጠዋት «እትዬ፣ ጣፊያዬን ሲያወጡ ለእንግዶቹ አሳዩአቸው ወይ?» ብሎ ቀልዶ ነበር፤ እየሳቀ ስፌቱን ይዞ አቃሰተ። ረፋዱ ላይ ግን ቀልዱን አቆመ። ከሆዱ በወጣው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ያለው ጠርሙስ ሲነጋ ሐመር ውሃ ነበረበት፤ አሁን ንጹሕ ቀይ ደም ሞልቶበታል። ባዶ አደረግኩት፣ ዓይኔ እያየ እንደገና ሞላ። ግንባሩ ላይ ያ ላብ መጣ። ከተቋጠሩት ሥሮች አንዱ ተፈትቷል ማለት ነው፤ ይህ በመድኃኒት አይቆምም። ሆዱ ተከፍቶ እንደገና ካልታሰረ ያልቃል።

ፈሳሹን ከፈትኩት፣ ደም እንዲያመጡ ላክሁ። ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰመመን ሰጪው ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ስብሰባ ላይ ስልክ መዝጋት በሥነ ምግባር ነጥብ ያስገኛል። ጥይትን ወደ አዳራሹ ላክሁት፤ ለጊዜው ወደ ድሮ ፍጥነቱ ተመልሷል። ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፋ።

«በሩን የሚጠብቀው ሰውዬ አላስገባ አለኝ ሲስተር። ሻይ ዕረፍት ሲወጡ እነግራቸዋለሁ አለኝ።»

«ሰው እየሞተ ነው አላልከውም?»

«ብዬዋለሁ። ሁልጊዜ ሰው ይሞታል አለኝ።»

እናቴ የወንድሜን እግር ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም፤ ይሄ ሁሉ ሰው የሚሠራበት ቤት ውስጥ እንዴት አንድ ሰው ጠፋ የሚል አስተያየት ነው።

በሩን ሰብሬ ብገባ ምን ልል ነው? አንድ በሽተኛ ተባባሰ ልል ነው። አንድ በሽተኛ ስለተባባሰ በዚህ ቤት ሮጦ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያስሮጣቸውን ነገር ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሜጋፎኑ የድንገተኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ወስጄ አዳራሹ መስኮት ሥር ቆምኩ።

«እንግዶቹ ተመልሰው መጥተዋል!» ብዬ ጮህኩበት። «በር ላይ ናቸው! እንግዶቹ ልምምዱን ድጋሚ ሊያዩ ነው! ቀዶ ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል!»

የአዳራሹ በር እንደ ተረገጠ ተበረገደ። ብስኩት ጉንጩ ውስጥ የያዘ፣ ካርዱን እያንጠለጠለ የሚሮጥ፣ ጋውኑን በግልባጩ የለበሰ፣ ሁሉም ፈሰሰ። ያ በር ጠባቂ እንኳን ይሮጣል። ቀዶ ሐኪሙ አጠገቤ ሲደርስ «የታሉ?» አለኝ። የሞላውን ጠርሙስ በሌላ ቀይሬ ይዤው ወጥቼ ነበር፤ ደሙን አሳየሁት። አንድ ጊዜ አየው፣ አንድ ጊዜ እኔን አየኝ። «ማን ነው?» አላለም፣ «ለምን ዋሸሽ?» አላለም። ወደ ዋርዱ ሮጦ፣ የወንድሜን አልጋ ከጥይት ጋር ራሱ እየገፋ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

ዳይሬክተሩ ግን ወደኛ አልመጣም። ከረቫቱን እያጠበቀ፣ የአስተዳደር ሠራተኞቹን ግራና ቀኝ አሰልፎ፣ ዋናው በር ላይ ቆመ። ወንድሜ ሆዱ ተከፍቶ፣ የተፈታው ሥር ተገኝቶ እንደገና ሲታሰር፣ ደም ሲሰጠው፣ ሆዱ ሲዘጋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሰውዬው ፀሐይ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ኮቱን ይቆልፋል።

ወንድሜ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ ማረፊያው አልጋ ላይ በራሱ ትንፋሽ መተንፈስ ከጀመረ በኋላ ነው ኮቴ የሰማሁት። ዳይሬክተሩ ነበር፤ ፊቱ በላብ ርሷል፣ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ሲስተር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዶቹ የት ናቸው?»

የወንድሜን እጅ ይዤ ነበር፤ ሞቅ ብሏል።

«ይኸው እዚህ ተኝቷል ዶክተር» አልኩት። «ገና አልሄደም።»